በውጭ አገር መኪና ሲከራዩ አንዱን ሽፋን ሁለት ጊዜ እንዳይገዙ

በውጭ አገር መኪና ሲከራዩ ብዙ ጊዜ በኪራዩ ውስጥ የሚካተተው የግጭት ጉዳት ሽፋን ከኃላፊነት ሙሉ በሙሉ ነፃ አያወጣም፤ በውሉ ላይ እስከተጠቀሰው መጠን ድረስ ያለውን ጉዳት የሚከፍለው ተከራዩ ራሱ ነው። ለምሳሌ ይህ የተከራዩ ድርሻ 1,500 ዩሮ ቢሆንና የተጫረ በር ለማስጠገን 900 ዩሮ ቢያስፈልግ፣ 900 ዩሮው በሙሉ አከራዩ በካርድዎ ላይ በመያዣነት ካገደው ገንዘብ ይቆረጣል። የአከራዩ ሠራተኛ ይህን ድርሻ ወደ ዜሮ የሚያወርድ ተጨማሪ ሽፋን በቀን ሂሳብ ሊሸጥልዎት ይሞክራል፤ ሆኖም የጉዞ መድንዎ ይህንኑ ድርሻ የሚተካ ከሆነ ተጨማሪው ሽፋን በአመዛኙ ድርብ ወጪ ነው። በመድንዎ ሲተማመኑ ግን ለአከራዩ አስቀድመው ከፍለው በኋላ ስለሚያስመልሱ፣ የኪራይ ውሉን፣ የጉዳት ሪፖርቱንና የጥገናውን ደረሰኝ ሳይቀበሉ አይመለሱ። አንዳንድ የክሬዲት ካርድ ሽፋኖች ደግሞ የሚሠሩት ኪራዩ በዚያው ካርድ ሲከፈልና ተከራዩ የአከራዩን የግጭት ሽፋን ሲተው ብቻ ስለሆነ፣ ሁለቱንም ልያዝ ማለት የካርዱን ሽፋን ሊያሳጣ ይችላል። ጎማ፣ መስታወትና የመኪናው የታችኛው አካል ብዙ ጊዜ ከመሠረታዊው ሽፋን ውጭ ናቸው። የስርቆት ሽፋኑም ቢሆን ቁልፉ መኪናው ውስጥ ተትቶ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም፤ ውስጥ የነበረውን ሻንጣም አይመለከትም።