ለሴት ልጅዎ የምረቃ የእጅ ሰዓት ሲሰጡ

አባቶች፣ ስጦታውን ስትሰጡ ከምታደርጉት ንግግር በፊት ሰዓቱን አዘጋጁ። አዲስ የባትሪ ሰዓት ብዙ ጊዜ ጎኑ ላይ ያለችው መሙያ ቁልፍ ሥር ትንሽ ፕላስቲክ ገብታበት፣ ቆሞ ነው የሚሸጠው። ፕላስቲኳን አውጥታችሁ ሰዓቱን አስተካክላችሁ መሙያውን ወደ ውስጥ ካልገፋችሁት እጇ ላይም እንደቆመ ይቀራል። ማሰሪያው ብረት ከሆነ በምታደርገው አምባር ለክታችሁ ትርፉን ሰዓት ሠሪ ያውጣላችሁ፤ የወጡትን ቁርጥራጮች ግን ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጡ፣ እጅ ይወፍራል። ልኩ ትንሿ ጣት ከማሰሪያው ሥር ስትገባ ነው።

ንግግሩ ከአንድ ደቂቃ አይለፍ፤ እንግዳው ብርጭቆ ይዞ ቆሟል። ዋጋውን ተዉት። በዓይናችሁ ያያችሁትን አንድ ነገር ብቻ አንሱ፣ ለምሳሌ እንዲህ፦

«ልጄ፣ ፈተና በደረሰ ቁጥር ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ከበርሽ ሥር ብርሃን አይ ነበር። እናትሽን ሳልቀሰቅስ እመለሳለሁ። ያን ሁሉ ሌሊት የቆጠርሽው በስልክሽ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ቀኑን በዚህ ቁጠሪው። እደጊ፣ ተመንደጊ፣ ወግ ማዕረግሽን ያሳየኝ።»

«አሜን» ከተባለ በኋላ ብርጭቆውን አስቀምጡና በሁለት እጃችሁ እሰሩላት። እያወሩ ማሰር መቆለፊያውን ያስታል፤ ቤታችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍታችሁ ዝጉት። በግራዋ የምትጽፍ ከሆነ በቀኟ ነው።