የሰርግ ቪዲዮ ከውጭ ለምትልኩ

ውጭ ሆናችሁ የሰርግ ወይ የክርስትና ቪዲዮ አዲስ አበባ ላለ ቤተሰብ የምትልኩ፣ እባካችሁ ሙሉውን ፋይል ግሩፕ ላይ አትልቀቁት፣ ፒያሳ ያሉት አክስታችሁ በሞባይል ዳታ 2 ጊጋ ሲያወርዱ ካርዳቸው ያልቃል ስልካቸውም ይሞላል። ዩቲዩብ ላይ ጫኑትና Visibility የሚለው ጋ Unlisted አድርጉት፣ ከዛ ሊንኩን ብቻ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላኩት፣ እሳቸውም ጥራቱን 360p አርገው ያዩታል። Private ካላችሁት ግን በኢሜይል የጋበዛችሁት ሰው በጉግል አካውንቱ ካልገባ አይከፈትለትም፣ ለትልልቅ ሰዎች ይሄ በጣም ከባድ ነው። ቪዲዮው ከ15 ደቂቃ ከበለጠ መጀመሪያ አካውንታችሁን በስልክ ቁጥር ቬሪፋይ አድርጉ። ደግሞ Unlisted ማለት ሊንኩ የደረሰው ሁሉ ያየዋል ማለት ነው፣ ስለዚህ ለሌላ ሰው ፎርዋርድ እንዳያደርጉ አደራ በሏቸው፣ ሁሉም አይተው ሲጨርሱ Private አድርጉት፣ ሊንኩ የተበተነ ቢሆንም ከዛ በኋላ አይከፍትም።