የእህቴን ሲቪ ቅደም ተከተል እንዴት እንዳስተካከልኩት

ታናሽ እህቴ በሒሳብ ሥራ የአምስት ዓመት ልምድ እያላት፣ ካዛንቺስና ስታዲየም አካባቢ ላሉ ድርጅቶች በተደጋጋሚ ብታመለክትም ለፈተና የጠራት አልነበረም። ሲቪዋን ስመለከተው የመጀመሪያው ገጽ በግል መረጃ፣ ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ በተዘረዘረ ትምህርትና በአጫጭር ሥልጠናዎች ተሞልቶ፣ ማስታወቂያዎቹ አጥብቀው የሚጠይቁት የሥራ ልምድ ግን ሁለተኛው ገጽ ላይ ተቀምጧል።

ስለዚህ ከስሟና ከስልኳ ቀጥሎ ልምዷን አስቀደምኩ። ከአሁኑ ሥራዋ ወደ ቀድሞው እየወረድኩ የሥራ መደቡን፣ የጀመረችበትንና የለቀቀችበትን ወርና ዓመት፣ በሥሩም የደመወዝ መክፈያ ማዘጋጀትን፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ማሳወቅንና የባንክ ሒሳብ ማስታረቅን ጻፍኩ። አመልካቾችን የሚያጣራው ሰው የልምዱን ዘመን የሚደምረው ከእነዚህ ቀናት ስለሆነ፣ አንዱ በኢትዮጵያ ሌላው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፎ የነበረውን አንድ ወጥ አደረግሁት። ዲግሪዋ ከልምዱ በታች በአንድ መስመር ሲቀመጥ፣ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷ ወጣ። ከዚህ በኋላ ለፈተና ተጠርታለች።

ዘንድሮ ለተመረቀው ወንድማችን ግን ይህን ቅደም ተከተል አልተጠቀምኩም። «0 ዓመት» የሚሉ ማስታወቂያዎች የሚመዝኑት ትምህርትን በመሆኑ፣ ዲግሪውን፣ የመውጫ ፈተና ማለፉንና የመመረቂያ ጽሑፉን ርዕስ አስቀድሜ፣ የተግባር ልምምዱን አስከተልኩ። ለመምህርነት የሚያመለክትም እንዲሁ ትምህርቱን ቢያስቀድም ይሻላል።

ክህሎትን ማስቀደም፣ በእኔ አስተያየት፣ የሚያዋጣው ሙያ ለሚቀይር ሰው ነው፤ ያም ቢሆን «ኤክሴል እችላለሁ» ከማለት ይልቅ ምን እንደሠራበትና የት እንደሠራበት አብሮ መጻፍ አለበት።