ከክሪክና ከፍሬን ውስጥ አየር እንዴት ይወጣል?

የዘይት ክሪክና የቤት መኪና ፍሬን በውስጣቸው አንድ ናቸው። ሁለቱም ጠባብ ሲሊንደር ውስጥ ያለ ፈሳሽ ገፍተው ሰፊ ሲሊንደር ውስጥ ያለ ፒስተን ያንቀሳቅሳሉ። ብልሽታቸውም ይመሳሰላል፤ ወይ አየር ገብቶባቸዋል፣ ወይ የሆነ ቦታ ያሾልካሉ። አየር የገባበት ሲጫኑት እንደ ስፖንጅ እየለሰለሰ ይገባል፣ ሲለቁት ይመለሳል። የሚያሾልክ ግን ጫናውን ችሎ ይቆምና ቀስ እያለ ይሰምጣል። ይህን ልዩነት ያልለየ ሰው አየር ማውጣት በሚበቃበት ቦታ አዲስ ፓምፕ ይገዛል፤ ፓምፕ መቀየር ባለበት ቦታ ደግሞ አየር ሲያወጣ ይውላል።

ጉልበቱ ከየት ይመጣል?

በታሸገ ፈሳሽ ላይ በአንድ በኩል የተደረገ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይደርሳል። ይህን ሕግ በ17ኛው መቶ ዘመን ያስቀመጠው ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ነው። አንድ ትንሽ የጠርሙስ ቅርጽ ያለው ክሪክ እንውሰድ። የእጀታው ፒስተን ውፍረት 1 ሳንቲ ሜትር፣ መኪናውን የሚያነሳው ፒስተን ደግሞ 3 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ዘይቱ የሚገፋው የፒስተኑን ፊት ስለሆነ፣ 3 እጥፍ የወፈረው ፒስተን ለዘይቱ የሚሰጠው ፊት 9 እጥፍ ነው። ስለዚህ ጉልበቱም 9 እጥፍ ይሆናል።

እጀታው በዚህ ላይ የራሱን ይጨምራል። እጅ የሚይዝበት ቦታ ከማጠፊያው 50 ሳንቲ ሜትር፣ ትንሹ ፒስተን ደግሞ ከማጠፊያው 2.5 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ 20 እጥፍ ይገኛል። በ6 ኪሎ ጉልበት እጀታውን የጫነ ሰው ትንሹን ፒስተን በ120 ኪሎ ይገፋል፤ ትልቁ ፒስተን ከአንድ ሺህ ኪሎ በላይ ያነሳል። ሰበቃ ከዚህ ላይ የተወሰነ ይወስዳል።

ይህ ጉልበት በርቀት ይከፈላል። እጅ 40 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ ትንሹ ፒስተን 2 ሳንቲ ሜትር ይገባል፤ መኪናው ግን የሚነሳው 2 ሚሊ ሜትር ከትንሽ ብቻ ነው። 20 ሳንቲ ሜትር ለማንሳት 90 ጊዜ መምታት ያስፈልጋል። አየር ጠላት የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ከላይ ባሰላነው ግፊት ዘይት ከመጠኑ አንድ በመቶ ያህል ቢያጣ ነው፤ አየር ግን ከመቶ ሃምሳ እጅ ወደ አንድ እጅ ይጨመቃል። ትንሹ ፒስተን በአንድ ምት የሚገፋው ዘይት 1.5 ሲሲ ገደማ ነው። ያ ቦታ በአየር ከተያዘ ምቱ ሁሉ አየር በመጨመቅ ያልቃል፤ ወደ ትልቁ ሲሊንደር የምታሳልፈው የብረት ኳስም ሳትከፈት ትቀራለች። እጀታው ይወርዳል፣ ይወጣል፤ መኪናው ንቅንቅ አይልም።

የክሪኩን አየር ማውጣት

ክሪኩን ከመኪናው ሥር አውጥተው ደልዳላ ቦታ ላይ ቀጥ አድርገው ያቁሙት። የማውረጃውን ቡሎን ፈታ አድርገው ትልቁን ፒስተን በእጅ ተጭነው እስከ መጨረሻው ያስገቡት። ቀጥሎ በጎኑ ያለችውን የጎማ ውታፍ ያውጡ። የማውረጃው ቡሎን ክፍት እንደሆነ እጀታውን በፍጥነት 10 ወይም 15 ጊዜ ይምቱት። ዘይቱ ያለምንም ጫና ዞሮ ወደ ማስቀመጫው ስለሚመለስ በፓምፑ ውስጥ የታፈነውን አየር ይዞት ይወጣል።

አሁን ዘይቱን ይዩ። ፒስተኑ ሙሉ በሙሉ ገብቶ ሳለ ዘይቱ እስከ ቀዳዳው የታችኛው ከንፈር መድረስ አለበት። ከጎደለ የክሪክ ዘይት ይጨምሩ፤ ከዚያ አያሳልፉ። ፒስተኑ ወጥቶ ሳለ የሚሞሉ ሰዎች ሲያወርዱት ዘይቱ ውታፉን ገፍቶ ይፈስሳል። ውታፉን መልሰው ቡሎኑን ይዝጉና ያለ ጭነት እስከ ጫፍ ያንሱት። አሁንም የሚለሰልስ ከሆነ ሥራውን አንድ ጊዜ ይድገሙት። መጀመሪያ ደህና አንስቶ መሐል ላይ የሚቆም ክሪክ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አየር ሳይሆን የዘይት ማነስ ነው።

አንድ ስሕተት ግን በአየር ማውጣት አይስተካከልም፤ እሱም የፍሬን ዘይት በክሪክ ውስጥ ማድረግ ነው። «ዘይት» ብለን እንጥራው እንጂ የተለመደው የፍሬን ፈሳሽ ዘይት አይደለም። የክሪክ ጎሚኒ ከማዕድን ዘይት ጋር እንዲስማማ፣ የፍሬን ጎሚኒ ደግሞ ከፍሬን ፈሳሽ ጋር እንዲስማማ ተደርጎ የተሠራ ነው። ከተቀያየሩ ጎሚኒው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ማሸጉን ይተዋል። የሞተር ዘይት ጠብታ በገባበት የፍሬን ማስቀመጫ የሚመጣው ወጪ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ያለው ጎሚኒ ሁሉ መቀየር ሊኖርበት ይችላል።

ፍሬን ላይ 3 ሲሲ አየር ምን ያደርጋል?

እግር ፔዳሉን በ20 ኪሎ ቢረግጥና ፔዳሉ 5 እጥፍ ቢያበዛው ዋናው የፍሬን ፓምፕ 100 ኪሎ ይደርሰዋል። የሞተሩን እገዛ ለጊዜው እንተወው። የፓምፑ ፒስተን 22 ሚሊ ሜትር፣ ጎማው ላይ ያለው የካሊፐር ፒስተን 54 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ጉልበት 600 ኪሎ ይሆናል። ሸራው ለመያዝ የሚሄደው ርቀት ከጥቂት አሥረኛ የሚሊ ሜትር ስለማይበልጥ፣ ለሁለቱ የፊት ጎማዎች 1 ሲሲ ያህል ፈሳሽ ይበቃል። ይህም ፔዳል ላይ 13 ሚሊ ሜትር ነው።

አሁን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ፣ 3 ሲሲ አየር ቱቦው ውስጥ ይግባ። በዚያ ግፊት አየሩ ወደ አሥረኛ ሲሲ ገደማ ይጨመቃል። የጠፋውን 2.9 ሲሲ የሚሞላው እግር ነው፤ ፔዳሉ ተጨማሪ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ይገባል። አየሩ ጥቂት ቢጨምር ሸራው ሳይይዝ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ቶሎ ቶሎ ሲረገጥ ፔዳሉ ከፍ እያለ የሚጠነክር ከሆነ አየር መኖሩን ይጠርጥሩ፤ ምንም እንኳ የኋላ ሸራዎች ከልክ በላይ ሲርቁም ተመሳሳይ ነገር ቢታይም።

የፍሬኑን አየር ማውጣት

ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ፔዳል ላይ፣ አንዱ ጎማው ዘንድ። የሚያስፈልገው ነገር በማስቀመጫው ክዳን ላይ የተጻፈው ዓይነት ያልተከፈተ የፍሬን ዘይት ግማሽ ሊትር፣ ከማስወጫው ቡሎን ጋር የሚገጥም ቁልፍ (ብዙ ጊዜ 8 ወይም 10 ቁጥር)፣ ቀጭን ብርሃን አስተላላፊ ቱቦና የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ጎማው ከተፈታ መኪናውን በብረት መደገፊያ ላይ ያሳርፉት። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም፤ ከኳሷ ሥር የገባች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ዝቅ ልታደርገው ትችላለች።

ሞተሩን አጥፍተው ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ በመርገጥ የሞተሩን እገዛ ይጨርሱ። ማስቀመጫውን ይሙሉ። ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከዋናው ፓምፕ በጣም ከሚርቀው ጎማ ነው፤ መሪው በግራ በሆነ መኪና ከቀኝ ኋላ፣ ቀጥሎ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት። የመኪናው መመሪያ ሌላ ቅደም ተከተል ካለው ግን እሱን ይከተሉ። ቱቦውን በማስወጫው ቡሎን ጫፍ ላይ ሰክተው ሌላኛውን ጫፍ ጠርሙሱ ውስጥ ባለ ጥቂት የፍሬን ዘይት ውስጥ ይንከሩት።

ከዚህ በኋላ ያለው መናበብ ነው። ጎማው ዘንድ ያለው «ርገጥ» ይላል፤ የረገጠው «ይዣለሁ» ብሎ ይመልሳል። ቡሎኑ ሩብ ዙር ይከፈታል፣ ፈሳሹ አረፋ እየተቀላቀለበት ይወጣል፣ ፔዳሉ ይወርዳል። ፔዳሉ እንደተያዘ ቡሎኑ ይዘጋል፤ «ልቀቅ» የሚባለው ከተዘጋ በኋላ ብቻ ነው። ቀድሞ ከተለቀቀ ፓምፑ በከፈቱት ቀዳዳ በኩል አየር መልሶ ይስባል፤ ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። አረፋ የሌለበት ፈሳሽ እስኪወርድ ይድገሙት።

በየአምስት ርግጫው ማስቀመጫውን ይመልከቱ። አንድ ጊዜ ባዶ ከሆነ አየር ከላይ ስለሚገባ ከመጀመሪያው ጎማ መጀመር ግድ ነው። መኪናው ያረጀ ከሆነ ከፔዳሉ ሥር ቁራጭ እንጨት ያስቀምጡ፤ የፓምፑ ጎሚኒ በዘወትር ርግጫ ደርሶበት የማያውቀው የሲሊንደሩ ክፍል ዝጎ ሊሆን ስለሚችል፣ ፔዳሉ ወለል ድረስ ሲገባ ጎሚኒው ይቧጠጣል። የወጣውን ፈሳሽ መልሰው አያስገቡ። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያውኑ በውኃ ይጠቡት፤ ቀለም ያነሳል። ኤቢኤስ ባለው መኪና አየሩ ወደ ኤቢኤሱ ፓምፕ ከገባ ደግሞ በዚህ መንገድ ላይወጣ ይችላል፤ ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ ያስፈልጋል።

አየር ሳይገባ አየር የሚፈጠርበት ጊዜ

የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሳለ ከ230 ዲግሪ በታች እንዳይፈላ ሆኖ ይሠራል፤ 3.7 በመቶ ውኃ ሲጠጣ ግን መስፈርቱ የሚጠብቅበት 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ዓባይ በረሃን በመሰለ ረጅም ቁልቁለት ላይ ማርሽ ሳይቀንሱ ፍሬን እየያዙ ሲወርዱ ካሊፐሩ ይግላል፣ ያረጀው ፈሳሽ ይፈላል፣ እንፋሎቱም ልክ እንደ አየር ይጨመቃል። ሾፌሩ «ፍሬን ተበጠሰ» ይላል፤ የተበጠሰ ነገር ግን የለም። ሲበርድ ፔዳሉ ይመለሳል፣ መካኒኩም ምንም አላገኘሁም ሊል ይችላል። መፍትሔው ፈሳሹን በየሁለት ዓመቱ ገደማ መቀየር ነው፤ ለዚህም ያው የአየር ማውጣት ሥራ በ1 ሊትር አዲስ ፈሳሽ ይሠራል።

የሚሰምጠውን መለየት

አየሩ ወጥቶ ፔዳሉ ከጠነከረ በኋላ ሞተሩን ሳያስነሱ በእኩል ጉልበት ለ30 ሴኮንድ ይርገጡት። ቀስ እያለ ከወረደ ፈሳሹ ያሾልካል። ጎማዎቹ አካባቢና ቱቦዎቹ ላይ እርጥበት ካለ ምክንያቱ ያ ነው። ሁሉም ደረቅ ሆኖ የማስቀመጫው ልክ ካልቀነሰ ግን የዋናው ፓምፕ ጎሚኒ ፈሳሹን ከፊቱ ወደ ኋላው እያሳለፈ ነው፤ አየር ማውጣት አይጠቅመውም። ክሪክም እንዲሁ ነው። ከነጭነቱ ሲሰምጥ በትልቁ ፒስተን ዙሪያ ዘይት ከታየ ጎሚኒው አልቋል። ደረቅ ሆኖ እጀታው ብቻውን ወደ ላይ ከተነሳ የማሳለፊያዋ ኳስ አልዘጋችም። እጀታው ባለበት ቆሞ ክሪኩ ከሰመጠ የማውረጃውን ቡሎን መቀመጫ ይመርምሩ።

ሞተሩ ሲነሳ የተረገጠ ፔዳል ትንሽ ዝቅ ማለቱ ጤና ነው፤ የሞተሩ እገዛ መጣ ማለት ነው። ከግቢ ከመውጣትዎ በፊት በእግር ጉዞ ፍጥነት እየነዱ ሦስት አራት ጊዜ ያቁሙ፤ ከዚያ ቡሎኖቹ ዙሪያ የረጠበ ነገር አለመኖሩን ጎንበስ ብለው ይዩ።