ሦስት ሰው የሚጽፍበት ገጽ አንድ አፍ እንዲኖረው

አንድ የሀበሻ ቀሚስ ሱቅ አለ እንበል። ቴሌግራም ቻናሉ ላይ ባለቤቷ ትጽፋለች፣ ቲክቶኩን እህቷ ይዛዋለች፣ ኢንቦክስ የሚመልሰው ደግሞ ሱቅ ውስጥ የሚሠራው ልጅ ነው። ባለቤቷ «ክቡራን ደንበኞቻችን» ትላለች። እህቷ «የኔ ቆንጆዎች»። ልጁ «አለ፣ 8500» ብሎ ዝም ይላል። ደንበኛዋ ማን እንደጻፈላት አታውቅም፤ ለእሷ ሱቁ አንዴ የሚያከብራት፣ አንዴ የሚያቆላምጣት፣ አንዴ የሚሰለቻት ሰው ነው። ይህን የሚያስተካክል አንድ ገጽ መመሪያ እንዲህ ይዘጋጃል።

መጀመሪያ «ድምፃችን ትሁትና ዘመናዊ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አትጻፉ። ሦስቱም ይስማሙበታል፣ ሦስቱም እንደ ድሮው ይጽፋሉ። በምትኩ ከገጻችሁ 20 ያህል ፖስቶችና 20 የኢንቦክስ መልሶች ገልብጡ፣ ማን እንደጻፈው አጥፉና አንድ ላይ ሆናችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። «ይሄ እኛን ይመስላል»፣ «ይሄ እኛን አይመስልም» ብላችሁ ለዩ። እንዲያውም ባለቤቷ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ስታስተናግድ የምትላቸውን ቃላት ያዙ። ብዙ ጊዜ ከጻፈችው ይልቅ የምታወራው ያምራል።

ቀጥሎ ከባዱ ይመጣል፦ ደንበኛውን ምን ብለን እንጠራለን? አንተ፣ አንቺ፣ እናንተ ወይስ እርስዎ? ይህ ካልተወሰነ የቀረው ሁሉ ዋጋ የለውም፣ ምክንያቱም በአማርኛ ግሱ ራሱ ያጋልጣል። «ትዕዛዝዎ ደርሶናል፣ ቀለሙን ምረጪና ላኪልን» የሚል መልስ አንብቡት። መጀመሪያውን አንድ ሰው፣ መጨረሻውን ሌላ ሰው እንደጻፈው ያስታውቃል።

ለሕዝብ የሚወጣ ፖስት ላይ «እናንተ» ይሻላል፦ «ኑና ለኩት»፣ «እዘዙን»። ጾታ አይለይም፣ ሞቅ ያለም ነው። ችግሩ ኢንቦክስ ነው። «ትናንት አዝዤ ነበር» ብሎ የጻፈ ሰው ወንድ ይሁን ሴት ከግሱ አይታወቅም። ስሙ ደስታ ቢሆን ለሁለቱም ይሆናል፣ ፎቶው ደግሞ አበባ ነው። ስለዚህ እኔ የምመክረው ኢንቦክስን በ«እርስዎ» መጀመር ነው፦ «ይምረጡ»፣ «ይላኩልን»። የ20 ዓመት ልጅ በእርስዎ ብትጠራ ትንሽ ይርቃት ይሆናል እንጂ አትቀየምም። እናቷን አንቺ ብትሏቸው ግን ደንበኛ አጣችሁ። ልጅቷ ራሷ «አንቺ በይኝ» ካለች ወደ አንቺ ውረዱ፣ ከዚያ በኋላ ግን በዚያው ንግግር ውስጥ ወደ እርስዎ አትመለሱ። ስለራሳችሁ ስትናገሩም ሁሌ «እኛ» በሉ፦ «አለን» እንጂ «አለኝ» አይደለም። «ውዴ» እና «የኔ ቆንጆ» ይቅሩ። ከአንዷ አፍ ያምራል፣ ከልጁ አፍ ሲወጣ ግን ሌላ ትርጉም ይይዛል።

ከዚያ የቃላት ዝርዝር ሥሩ፣ ግን አጭር ይሁን፣ የምትጋጩባቸው ብቻ። ለቀሚስ ሱቅ ትልቁ «ጥለት» እና «ጥልፍ» ነው። ጥለት ከጨርቁ ጋር አብሮ የሚሸመን ነው፣ ጥልፍ በመርፌ ወይም በማሽን ኋላ የሚጨመር። አንዷ ፖስት ላይ ጥለት፣ ሌላው ኢንቦክስ ላይ ጥልፍ ካለ ደንበኛዋ ዕቃው ሲደርሳት «ያሳያችሁኝ ይሄ አይደለም» ብትል እውነት አላት። ሰዓትም እዚሁ ይግባ። «3 ሰዓት እንደውላለን» የሚለው ዋሽንግተን ላለች ደንበኛ ሌላ ሰዓት ነው፤ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በኢትዮጵያ» ብላችሁ ሙሉውን ጻፉ። ቀን ስትሰጡ ውጭ ላለ ሰው በሁለቱም አቆጣጠር አድርጉት። በላቲን ፊደል አማርኛ መጻፍ ግን ጨርሶ ይቅር እላለሁ፣ ደንበኛው በዚያ ቢጽፍም እንኳ።

አሁን ለሦስት ሁኔታዎች ናሙና መልስ ጻፉ፦ ዋጋ ሲጠየቅ፣ ዕቃ ሲያልቅ፣ ትዕዛዝ ሲዘገይ። የዘገየው ለምሳሌ እንዲህ ይሁን፦

«ይቅርታ እንጠይቃለን። ሸማኔው ጥለቱን ስላልጨረሰ ቀሚስዎ ሐሙስ አልደረሰም። ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ያሉበት እናደርሳለን። ካልተመቸዎት ገንዘብዎን ዛሬውኑ እንመልሳለን።»

ይቅርታ፣ ምክንያቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ አዲሱ ቀን፣ ምርጫው። ናሙናው እንዲገለበጥ ሳይሆን ቅደም ተከተሉ እንዲያዝ ነው። ሁሌ አንድ ዓይነት ጽሑፍ የሚላክለት ሰው ማሽን ያናገረው ይመስለዋል። ኢሞጂ ፖስት ላይ አንድ ይበቃል፣ ቅሬታ ላይ አይገባም።

መጨረሻ ላይ ፈትኑት። «ቀሚሱ ለእሁድ ሰርግ ነበር፣ እስካሁን የለም» የሚል መልእክት ለሦስቱም ስጡና ሳይተያዩ ይመልሱ። መልሶቹን ጎን ለጎን አስቀምጡ። አንዱ ስልክ ቁጥር ጠይቆ ሌላው ካልጠየቀ፣ ወይም አንዷ ብቻ ቀን ቃል ከገባች፣ መመሪያው ላይ የጎደለው መስመር እሱ ነውና ጨምሩት። ከዚያ የሥራ ቡድናችሁ ቴሌግራም ላይ ፒን አድርጉት፤ የሚያርመው ግን አንድ ሰው ብቻ ይሁን።