አዮዲኑ ወጡ ውስጥ እንዲደርስ፦ ጨው እንዴት እንደሚገዛ፣ እንደሚቀመጥና እንደሚጨመር

ለሁለት ዓመት ያህል ጨው አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼ ነበር የምወቅጠው። አማቴ ያስተማሩኝ እንደዚያ ነው። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ የምገዛው ያልተፈጨ ጨው አሸዋ አለበት፣ ጠቆርም ይላል። ሲታጠብ ግን እንደ በረዶ ይነጣል።

ሁለተኛ ልጄን የአምስት ወር እርጉዝ ሳለሁ፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ጓደኛዬ ቤቴ መጣች። ከቦርሳዋ ትንሽ የጨው መመርመሪያ ጠርሙስ አወጣችና ወጥ ቤት ባለው ጨው ላይ አንድ ጠብታ ጣል አደረገች። ጨው ነጭ እንደሆነ ቀረ። ከዚያው ግዢ ገና ካልታጠበው ላይ ስትሞክር ግን ወዲያው ወይን ጠጅ ሆነ። የገዛሁት ጨው አዮዲን ነበረው። አጥቤ የደፋሁት እኔ ነኝ። ልጄ ዛሬ ደህና ነው፤ ያን ቀን የደነገጥኩትን ግን አልረሳውም።

የደነገጥኩት በአንገቴ አልነበረም። እንቅርትን እዚህ አገር ሁሉም ያውቀዋል፤ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ብለን የምንተርት ሰዎች ነን። የአዮዲን ትልቁ መገኛ ባሕር ነው። እኛ ደጋ ላይ ነን፤ ዝናብና ጎርፍ ከአፈሩ ላይ ሲያጥበው ኖሯል። ስለዚህ በዚህ አፈር የበቀለው ጤፍና ባቄላ ምንም ቢያምር አዮዲኑ ትንሽ ነው። የጣና ዓሣም የጨው ውሃ ዓሣ ስላልሆነ የባሕሩን አይተካም። አንገታችን ላይ ያለው ታይሮይድ ዕጢ ሆርሞን የሚሠራው በአዮዲን ነው። ሲያጥረው ያለችውን ለመልቀም ብሎ ያብጣል። እንቅርት ማለት ይኸው ነው።

የሚብሰው ሆድ ውስጥ ላለው ልጅ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የፅንሱ ዕጢ ገና ሥራ አልጀመረም፤ የሚኖረው በእናቱ ሆርሞን ነው። የአእምሮው መሠረት የሚጣለው ደግሞ ያኔ ነው። አዮዲኗ በጣም ካነሰ ልጁ ክሬቲኒዝም የሚባለውን ይዞ ይወለዳል፦ አእምሮው ይዘገያል፣ መስማትና መናገር ሊያቅተው፣ እግሮቹ ሊገታተሩ፣ ቁመቱ ሊያጥር ይችላል። ከተወለደ በኋላ አዮዲን ቢያገኝ የአእምሮው ጉዳት አይመለስም። አንዲት ሴት ደግሞ ማርገዟን እስክታውቅ ብዙ ሳምንት ያልፋል። ስለዚህ ጨው መስተካከል ያለበት ከእርግዝናው በፊት ነው።

ሲገዙ። ታሽጎ «አዮዲን ያለው» የሚል ጽሑፍና ቀን ያለበትን ይውሰዱ። እስከ 1990 ዓ.ም. ጨዋችን በብዛት ከአሰብና ከምጽዋ ይመጣ ነበር። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ አፋር ውስጥ ያለው አፍዴራ ተተካ፤ አዮዲን መጨመሩ ግን ለዓመታት ተጓተተ። አዮዲን የሌለው ጨው ለሰው ምግብ እንዳይቀርብ የሚያዝዘው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። አሞሌ ለከብት ይሁን። ከመሬት በድንጋይ መልክ ተቆርጦ የሚወጣ ስለሆነ አዮዲን አልተረጨበትም፤ እየፈቀፈቁ ወጥ ውስጥ መጨመር ይቅር። በክፍት ጆንያ ፀሐይና ዝናብ ላይ የዋለውንም አልወደውም። ጆንያው ከረጠበ አዮዲኑ ከእርጥበቱ ጋር ወደ ታች ይወርዳል፤ ከላይ የተሰፈረለት ሰው ባዶ ጨው ይዞ ይሄዳል።

ማጠቡን ይተዉ። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ነው፤ ብዙ ቤትም እንዲሁ ይመስለኛል። አዮዲን የጨው ውስጥ አካል ይመስለን ነበር። አይደለም። ፋብሪካው ፖታሲየም አዮዴት የሚባለውን ነገር በውሃ አሟሙቶ ጨው ላይ ይረጨዋል። ስለዚህ የሚቀመጠው በየፍሬው ገጽ ላይ ነው፣ እንደ ጤዛ። ውሃ ሲነካው መጀመሪያ የሚታጠበው እሱ ነው። እድፉን እናስወግዳለን ስንል መድኃኒቱን እንደፋለን ማለት ነው። ቀጥሎ ፀሐይ ላይ ማስጣቱ የቀረችውንም ይቀንሳታል።

አሸዋው ካስቸገረ መፍትሔ አለ። ጨውን በጥቂት ውሃ አሟሙቶ በማሰሮ ማሳደር ነው። አሸዋው ይዘቅጣል፤ ከላይ ያለውን ጨዋማ ውሃ ቀድቶ ወጥ ውስጥ መጨመር። እዚህ ላይ ውሃው ስለማይደፋ አዮዲኑ አብሮ ይገባል። ገንዘቡ ካለ ግን ንጹሕ የታሸገ መግዛት ይቀላል።

አቀማመጥ። ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ፣ ከምድጃ ራቅ ያለ ቦታ። ጨው እንዳያለቅስ ብሎ እሳት አጠገብ በክፍት ቅል ማስቀመጥ የተለመደ ነው፤ ሙቀቱና እንፋሎቱ ግን አዮዲኑን ይበሉታል። ለእኔ ምርጡ ብርሃን የማያሳልፍ ፕላስቲክ ነው። ብርጭቆ ካለዎት ቁም ሳጥን ውስጥ ያድርጉት። ሲጨልፉ ማንኪያው ደረቅ ይሁን። በክረምት ከአንድ ወር በላይ የሚበቃ አይግዙ።

ጨው መጨመር። ወጡ ከበሰለ በኋላ፣ ሊወጣ ሲል። ሲንተከተክ ከቆየ የተወሰነው አዮዲን ይጠፋል፤ ሲሰላ ብዙ ጊዜ አንድ አምስተኛ ያህሉ እንደጠፋ ይቆጠራል። በበርበሬ ውስጥ ያለውን ጨው አልቆጥረውም፣ ከበርበሬው ጋር ፀሐይና እሳት አይቷልና።

በእኛ ቤት ስሌቱ እንዲህ ነው። አምስት ነን፤ በወር አንድ ኪሎ ጨው እንጨርሳለን። ለአንድ ሰው በቀን ወደ ሰባት ግራም ገደማ ይደርሳል። ጨው በኪሎ 30 ሚሊግራም አዮዲን ካለው፣ አንዱ ሰው በቀን ወደ 200 ማይክሮግራም ያገኛል። ከማብሰሉ በኋላ 160 ይቀራል። ለአዋቂ የሚያስፈልገው 150 ስለሆነ ይበቃል። ለቤት ዝቅተኛው የሚባለው በኪሎ 15 ሚሊግራም ቢሆን ግን የሚቀረው 80 ብቻ ነው። እርጉዝ ሴት 250 ያስፈልጋታል። ስለዚህ እርጉዝ ያለበት ቤት ከጨው ጋር መጨቃጨቅ ዋጋ አለው። ለእሷ ብሎ ጨው ማብዛት ግን አይገባም፤ ደም ግፊት አለ። በእርግዝና ክትትል ላይ ጠይቁ።

መመርመሪያው ጠብታ ጥሩ ነው፤ አዮዲን አለ ወይስ የለም የሚለውን ይናገራል። ስንት አለ የሚለውን ግን አትመኑት። ቀለሙን ከካርዱ ጋር አስተያይቶ ቁጥር መናገር ያሳስታል፤ ልኩን የሚያውቀው ላቦራቶሪ ነው። ጠርሙሱ ጊዜው ካለፈበት ደግሞ ደህናውን ጨው ባዶ ያስመስለዋል። አንድ ቦታ ላይ ብቻም አይሞከር። ከላይ፣ ከመሀል፣ ከታች እየወሰዱ ነው።

ቤት ውስጥ እንቅርት ያለበት ሰው ካለስ? ጨው አዲስ እንቅርት እንዳይወጣ ያደርጋል፤ የልጅ ለስላሳ እብጠትም በጊዜ ሊመለስ ይችላል። ለዓመታት የቆየና ጓል የሠራ እንቅርት ግን በጨው አይጠፋም። እንዲያውም አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች አዮዲን ማግኘት ሲጀምሩ ዕጢው ከመጠን በላይ ሊሠራ ይችላል። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እየበሉ ይከሳሉ። ይህን ካያችሁ ሐኪም ቤት ውሰዷቸው። ጨውን ከቤቱ ማስወጣት አያስፈልግም። አንገት መብጣትና መተኮስ ግን ቁስል እንጂ ሌላ አይሠራም።

አማቴ አሁንም የነጣ ጨው ይወዳሉ። ማሰሮዋ ማታ ማታ ይሞላል፣ ጠዋት ከላይ ይቀዳል። ባለፈው ጓደኛዬ ስትመጣ ጠርሙሷን ራሳቸው ለመኗት። ጨዋማው ውሃ ላይ ጣል ሲያደርጉበት ወይን ጠጅ ሆነ። «ያው ነው እንዴ የምናጥበው?» አሉ፤ ከዚያም የቀረውን ጆንያ አምጥተው ከታችኛው ፍሬ ላይ እንድትሞክርላቸው አደረጓት።