የሰርግ ቪዲዮን ጥራቱን ሳይነኩ ለቴሌግራም መቆራረጥ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምትኖር ጎረቤቴ ልጇን ስትድር የተቀረፀው ቪዲዮ በአንድ ፋይል ተጭኖ ተሰጣት። ርዝመቱ 3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ፣ ክብደቱ 11.4 ጊጋባይት ነው። ውጭ አገር ላለችው እህቷ በቴሌግራም መላክ ፈለገች። «ምንም ሳይቀነስ ይድረሳት» አለችኝ።

ያለ ክፍያ የሚሠራው ቴሌግራም ከ2 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ቪዲዮውን ጨምቆ ማሳነስ ይቻላል፤ ግን ጥራቱ ይወርዳል፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ሰዓታት ይፈጃል። ሳይጨመቅ ከተቆረጠ ግን ምስሉ እንዳለ ይቆያል፣ ሥራውም በደቂቃዎች ያልቃል። መብራት በሚቆራረጥበት የከተማ ዳር ሰፈር ሌላም ጥቅም አለው። በመሃል ቢቋረጥ የሚደገመው አንድ ክፍል ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራ። 11,400 ሜጋባይት ለ190 ደቂቃ ሲካፈል በደቂቃ 60 ሜጋባይት ይመጣል። 2,000ን ለ60 ስናካፍል 33 ደቂቃ ገደማ ነው። ልክ አፉ ድረስ አትሙሉት፤ አንድ ክፍል ከ30 ደቂቃ አይብለጥ።

አሁን ቪዲዮውን እያሳለፋችሁ እዩና ዝግጅቱ ራሱ የት የት እንደሚከፈል ወረቀት ላይ ጻፉ። የእኛው እንዲህ ነበር፦ ሙሽራው ቤት 25 ደቂቃ፣ ሙሽሪት ቤት 28፣ የፎቶ ፕሮግራም 22፣ አዳራሽ 70፣ መልስ 45። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ እንዳሉ ይበቃሉ። አዳራሹን መግቢያና ምሳ 25፣ ጭፈራ 30፣ ኬክ 15 ብለን ለሦስት ከፈልነው። መልሱን ለሁለት። ሰዓት ብቻ እያዩ በየ30 ደቂቃው መቁረጥ ይቀላል፤ ግን ሽማግሌው ሲመርቁ ከግማሽ ሊቋረጥ ይችላል። ይሄ ደግሞ ለተመልካች ያናድዳል።

ለመቁረጥ LosslessCut የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ጫኑ። ቪዲዮውን ጎትታችሁ ውስጡ ጣሉት። ክፍሉ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ቁሙና I ን ተጫኑ፤ የሚያልቅበት ላይ O ን። ቀጣዩን ክፍል ለመጨመር + ን ተጫኑና እንደዚያው ቀጥሉ። ሲያልቅ ክፍሎቹ በየራሳቸው ፋይል እንዲወጡ መመረጡን አይታችሁ E ን ተጫኑ። ዲስኩ ላይ የዋናውን ያህል ባዶ ቦታ መኖሩን ቀድማችሁ አረጋግጡ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያደናግራል። ቪዲዮ ውስጥ ሁሉም ምስል ሙሉ ሆኖ አይቀመጥም። አልፎ አልፎ አንድ ሙሉ ምስል አለ፤ ኪፍሬም ይባላል። በመሃል ያሉት የተለወጠውን ብቻ ነው የሚይዙት። ሳይጨመቅ የሚቆረጥ ክፍል ደግሞ መነሳት ያለበት ከኪፍሬም ነው። ስለዚህ ከመረጣችሁት ቦታ ትንሽ ቀደም ብሎ ሊጀምር፣ ያለፈውም ክፍል ጫፍ ሊደገም ይችላል። ችግር የለውም። ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ከጨለመ ወይም ከደረቀ ግን ቁርጡ ከኪፍሬም ውጭ ወድቋል ማለት ነው። የመነሻውን ቦታ ትንሽ ወደ ኋላ መልሱና ያንን ክፍል ብቻ እንደገና አውጡ። ለዚህም ነው የእያንዳንዱን ክፍል መጀመሪያ ከፍቶ ማየት የሚያስፈልገው።

ቀጥሎ መጠናቸውን እዩ። የእኛ ጭፈራ 30 ደቂቃ ሆኖ ሳለ 2.1 ጊጋባይት ወጣ። በደቂቃ 60 ያልነው አማካይ ነው። እስክስታው፣ የሚንቀሳቀሰው ሕዝብ፣ ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት ብዙ ዳታ ይበላሉ፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚደረግ ምርቃት ግን ጥቂት ይበቃዋል። ጭፈራውን አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው ሊጀምር ሲል ለሁለት ከፈልነው፤ በጠቅላላው ዘጠኝ ክፍል ሆነ።

ስማቸውን 01፣ 02፣ 03 ብላችሁ ጀምሩ። ያለ ዜሮ ከሆነ አሥረኛው ክፍል ከሁለተኛው በፊት የሚሰለፍበት ስልክ አለ። ቴሌግራም ላይ ስትልኩ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ምረጡ፤ አለዚያ ስልኩ ራሱ ጨምቆ ሊልከው ይችላል፣ ድካማችሁም ገደል ይገባል።

በኢሜይልስ? በጂሜይል የሚላከው አባሪ እስከ 25 ሜጋባይት ነው። በዚህ ጥራት 25 ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ ፋይሉ ሲላክ በሲሶ ያህል ስለሚያብጥ። በኢሜይል የግድ ከሆነ የቀለበቱን ሰዓት ብቻ ቆርጣችሁ ጨምቁት፤ ሙሉውን ሰርግ በዚያ መንገድ አትሞክሩ። ዋናውን ፋይል ደግሞ ተቀባይዋ ሁሉንም ክፍል ከፍታ እስክታይ ድረስ አታጥፉት።